0.648 ወይስ 648? በውሃ ምርመራ ሠንጠረዥ ላይ የመለኪያ ቅየራን ስለመፈተሽ

ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ በማንቆርቆሪያ የሚያፈላ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ዕቃው ጥቂት ወራት እንዳገለገለ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፣ ቅርፊቱም በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ካልሆነ በቀላሉ አይለቅም። ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው፤ በመንገዱ የኖራ ድንጋይን እያሟሟ ስለሚያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይደርሳል። ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ጭምር ውሃ በቧንቧ ተስቦ ይደርሳታል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች የጉድጓድ ውሃ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ፣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚመለከተው ቁጥር በውሃው ውስጥ የሟሙ ጠጣሮች ጠቅላላ መጠን ነው።

ይህ ቁጥር ሠንጠረዥ ላይ የሚጻፈው «ሚሊ ግራም በሊትር» በሚል መለኪያ ነው። በላቦራቶሪው ውስጥ ግን ሚዛኑ የሚናገረው በግራም ነው፣ ውሃው የተለካው ደግሞ በሚሊ ሊትር ነው። ከግራም ወደ ሚሊ ግራም፣ ከሚሊ ሊትር ወደ ሊትር የሚደረጉት ሁለት ቅየራዎች ቀላል ስለሚመስሉ ማንም ደግሞ አያያቸውም። በውሃ ላቦራቶሪ በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያገኘሁት ስሕተት ግን የኬሚካል ወይም የመሣሪያ ስሕተት ሳይሆን ይኸው ነው። 648 መሆን የነበረበት ውጤት 0.648 ተብሎ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመቶበት አይቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማሳያ የተመረጡ ናቸው፤ የስሕተቱ አካሄድ ግን እኔ ያየሁት ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

የሟሙ ጠጣሮች የሚለኩት ውሃውን አትንኖ የሚቀረውን በመመዘን ነው። ማንቆርቆሪያው ላይ ሳናስበው የሚሆነው ነገር እዚህ በጥንቃቄ ይደረጋል ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ አንድ የፖርሴሊን ሳህን ታጥቦ በምድጃ ይደርቃል፣ እርጥበት የማያስገባ ክዳን ባለው ዕቃ ማለትም በዴሲኬተር ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም ባዶውን ይመዘናል። ቀጥሎ ውሃው በደቃቅ ማጣሪያ ይጣራል። ማጣሪያው ላይ የቀረው ደለል ያልሟሟ ስለሆነ አይቆጠርም። ከተጣራው ውሃ የታወቀ መጠን፣ ለምሳሌ 100 ሚሊ ሊትር፣ ተለክቶ ሳህኑ ላይ ይፈስሳል፤ ውሃው ሙሉ በሙሉ ከተነነ በኋላ ሳህኑ በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርቅና ቀዝቅዞ እንደገና ይመዘናል። የማድረቁና የመመዘኑ ሥራ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ይደጋገማል።

ባዶው ሳህን 48.2136 ግራም፣ ከቀሪው ጋር ደግሞ 48.2784 ግራም መዘነ እንበል። ልዩነቱ 0.0648 ግራም ነው። ሳህኑ ላይ የሚታየው አመድ የመሰለ ስስ ሽፋን ነው፤ በጣት ቢነካ ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል፣ ክብደቱም በዓይን ሲታይ ከምንም አይቆጠርም። ያ ስስ ሽፋን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ የነበረው ሁሉ ነው።

እስካሁን የተሠራ ስሌት የለም፤ ያለን ሁለት የሚዛን ንባብና አንድ የውሃ መጠን ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ወረቀት ላይ የሚሠራ ስለሆነ፣ ውጤቱ ከተጠረጠረ የሚፈተሸው ወደነዚህ ሦስት ቁጥሮች በመመለስ ነው።

ሁለቱ ቅየራዎች ለምን ሰውን ያሳስታሉ?

«ሚሊ» ማለት የአንድ ነገር አንድ ሺህኛ ነው። አንድ ግራም 1,000 ሚሊ ግራም፣ አንድ ሊትር ደግሞ 1,000 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ 0.0648 ግራም በ1,000 ሲባዛ 64.8 ሚሊ ግራም፣ 100 ሚሊ ሊትር ደግሞ ለ1,000 ሲካፈል 0.1 ሊትር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ የሚሳሳት ሰው እምብዛም አይገኝም።

ስሕተቱ የሚገባው «በሊትር» የሚለው ቃል ላይ ነው። ከፊራ ገበያ ሄደን ሩብ ኪሎ ሽንኩርት በ30 ብር ብንገዛና ቤት ስንደርስ «በኪሎ ስንት ገዛሽው?» ብንባል፣ መልሱ 120 ብር ነው። የሸቀጡ መጠን ከኪሎ ስላነሰ፣ የኪሎውን ዋጋ ለማወቅ ብሩ ወደ ላይ ይባዛል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። 30ን ለ0.25 ማካፈል 30ን በ4 ማባዛት ነውና። ገበያ ላይ ይህን ማንም አይሳሳትም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ያው ሒሳብ በሊትር ሲመጣ እጅ ይንሸራተታል።

100 ሚሊ ሊትር የሊትር አንድ አሥረኛ ነው። በአንድ አሥረኛው ውስጥ 64.8 ሚሊ ግራም ከተገኘ፣ በሙሉው ሊትር ውስጥ ዐሥር እጥፉ፣ ማለትም 648 ሚሊ ግራም ይኖራል። በስሌት ሲጻፍ 64.8 ለ0.1 ሲካፈል ነው። የውሃው መጠን አካፋይ ስለሆነ፣ እሱን ለ1,000 ማካፈል ውጤቱን በ1,000 ያሳድገዋል። ስለዚህ ሁለቱም ቅየራዎች ውጤቱን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ላይ፣ ይገፉታል። ብዙ ሰው ግን «ግራሙን በሺህ አበዛለሁ፣ ሚሊ ሊትሩን ለሺህ አካፍላለሁ፣ ስለዚህ ሁለቱ ይጣፋሉ» ብሎ ያስባል። አይጣፉም፤ ተባዝተው አንድ ሚሊዮን ይሆናሉ። ይህን በሌላ መንገድም ማየት ይቻላል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ኪሎው ደግሞ አንድ ሚሊዮን ሚሊ ግራም ነው። አንድ ሚሊ ግራም በሊትር ማለት እንግዲህ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አንዱ እጅ እንደ ማለት ነው።

0.648 ታዲያ ከየት መጣ?

ቁጥሩ ራሱ ሐሰት አይደለም፤ ሐሰተኛው ከጎኑ የተጻፈው መለኪያ ነው። ወደ 0.648 የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ግራሙን ወደ ሚሊ ግራም መቀየር ረስቶ 0.0648ን ለ0.1 ሊትር ማካፈል ነው፤ የሚገኘው 0.648 ግራም በሊትር ነው። ሁለተኛው ግራሙን ቀይሮ ሊትሩን መርሳት፣ ማለትም 64.8ን ለ100 ማካፈል ነው፤ የሚገኘው 0.648 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ነው። ግራም በሊትርና ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር አንድ ናቸው፤ ከላይም ከታችም በሺህ ስለተካፈለ ቁጥሩ አይለወጥም። ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ነገር ረስተው አንድ ቁጥር ላይ የሚገናኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲያመሳክርም «ልክ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ማግኘቱ ለመለኪያው ዋስትና እንደማይሆን ያስተማረኝ ይህ ነው።

ሁለቱንም ቅየራ የረሳ፣ ወይም ይጣፋሉ ብሎ የገመተ ሰው ደግሞ 0.000648 ያገኛል። ስለዚህ የተሳሳተው ቁጥር ከሚጠበቀው በምን ያህል እጥፍ እንደራቀ ማየት ምን እንደተረሳ ይናገራል፤ በ1,000 ከራቀ የተረሳው አንድ ቅየራ፣ በ1,000,000 ከራቀ ሁለቱም ናቸው። ርቀቱ 2 ወይም 4 ወይም 10 እጥፍ ከሆነ ግን ጥፋቱ «ሚሊ» ላይ አይደለም፤ የውሃው መጠን በስሕተት መግባቱን መጠርጠር ይገባል።

ሠንጠረዡ በእጃችን ሲገባ ከየት እንጀምር?

የሚከተለው ከአንድ ጉድጓድ የተወሰደ ውሃ ሁለት ጊዜ ተመርምሮ የተሞላ ነው እንበል። በሁለተኛው ጊዜ የተወሰደው ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው።

| ናሙና | ባዶ ሳህን (ግራም) | ሳህኑ ከቀሪው ጋር (ግራም) | የውሃ መጠን (ሚሊ ሊትር) | ውጤት (ሚሊ ግራም በሊትር) |
|---|---|---|---|---|
| የመጀመሪያው | 48.2136 | 48.2784 | 100 | 0.648 |
| ድጋሚው | 51.0907 | 51.1238 | 50 | 0.331 |

መጀመሪያ የሚነበበው ቁጥሩ ሳይሆን የዓምዱ ራስጌ ነው። እያንዳንዱ ዓምድ መለኪያው ተጽፎለታል? የተጻፈው መለኪያ መሣሪያው ላይ ከሚነበበው ጋር አንድ ነው? በአማርኛ በሚዘጋጁ ሠንጠረዦች ላይ «ሚሊ»ን በ«ሚ»፣ «ማይክሮ»ን በ«ማ» ማሳጠር አደገኛ ነው፤ በእጅ ሲጻፉ ይመሳሰላሉ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ቃሉን ሙሉውን መጻፍ ቦታ ቢይዝም ይሻላል።

ቀጥሎ ስሌቱን ወደ ኋላ መመለስ ነው። እኔ ከፍተሻዎች ሁሉ አብልጬ የማምነው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ወደ ፊት የሠራነውን ያንኑ መንገድ ደግመን ብንሄድ ያንኑ ስሕተት እንደግመዋለን። ውጤቱ 0.648 ሚሊ ግራም በሊትር ከሆነ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ማለትም በ0.1 ሊትር ውስጥ የነበረው 0.0648 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም 0.0000648 ግራም ይሆናል። ሚዛኑ ግን የሚያነበው እስከ 0.0001 ግራም ድረስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ክብደት ሳህኑ ላይ ቢኖር ሚዛኑ በእርግጠኝነት ሊለየው ባልቻለ ነበር። በአንጻሩ 648ን ወደ ኋላ ስንመልሰው 64.8 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.0648 ግራም ይሰጠናል፤ ይህም የሁለቱ ሚዛን ንባቦች ልዩነት ራሱ ነው።

ወደ ሁለተኛው መስመር ስንሄድ ሌላ ነገር ይታያል። አንድ ዓይነት ውሃ ሁለት ጊዜ ተመርምሮ 0.648 እና 0.331 መስጠት የለበትም፤ አንዱ የሌላው ግማሽ ነው፣ የተወሰደው ውሃም ግማሽ ነበር። የኤክሴሉን ሴል ስንከፍተው የምናገኘው ይህንን ነው፦

```
=(C2-B2)*1000/100
```

ስሌቱን የጻፈው ሰው ግራሙን ወደ ሚሊ ግራም በትክክል ቀይሯል። ሁለት ነገር ግን ቀርቶበታል፤ ሚሊ ሊትሩን ወደ ሊትር አልቀየረም፣ የውሃውንም መጠን ከዓምዱ ከመውሰድ ይልቅ 100 ብሎ በእጁ አስገብቶታል። ዘወትር 100 ሚሊ ሊትር በሚወሰድበት ላቦራቶሪ ሁለተኛው ጥፋት ለዓመታት ሳይታይ ሊኖር ይችላል፤ አንድ ቀን ውሃው ሲያንስ ነው የሚወጣው። የተስተካከለው ስሌት እንዲህ ነው፦

```
=(C2-B2)*1000/(D2/1000)
```

ቅንፉ መቅረት የለበትም። ቅንፉ ከቀረ ኤክሴል ለ`D2` ካካፈለ በኋላ እንደገና ለ1,000 ያካፍላል፣ ያ 0.000648 ይመለሳል። በተስተካከለው ስሌት የመጀመሪያው መስመር 648፣ ሁለተኛው 662 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ልዩነታቸው 14፣ ማለትም ከአማካዩ 2 በመቶ ያህል ነው። ከአንድ ውሃ የተወሰዱ ሁለት ልኬቶች በዚህ መጠን ቢለያዩ የሚያሳስብ አይደለም።

ስሌቱን ሳናይ ቁጥሩን ብቻ አይተን መጠርጠር እንችላለን?

ብዙ ጊዜ ለጉድጓድ ኮሚቴ ወይም ለነዋሪ የሚደርሰው የውጤቱ ዓምድ ብቻ ነው፤ የሚዛን ንባቡ ላቦራቶሪ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን ወደምናውቀው ዕቃ መመለስ ይረዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንውሰድ። ውሃው 648 ሚሊ ግራም በሊትር ከያዘ፣ ጀሪካኑ ውስጥ 13 ግራም የሚጠጋ ጠጣር አለ፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው እንደ ማለት ነው። ማንቆርቆሪያው ላይ ያንን ሁሉ ቅርፊት ለሚያይ የድሬዳዋ ሰው ይህ የሚታመን ነው። ሠንጠረዡ 0.648 ሚሊ ግራም በሊትር የሚል ከሆነ ግን ጀሪካኑ ውስጥ ያለው 13 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ይህ ከተጣራ የባትሪ ውሃ የሚመደብ እንጂ ከኖራ ድንጋይ መሐል የወጣ ውሃ አይደለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ «648 ግራም በሊትር» ተብሎ ቢጻፍ፣ ጀሪካኑ 13 ኪሎ ጠጣር ይይዛል ማለት ነው፤ የባሕር ውሃ እንኳ በሊትር የሚይዘው ወደ 35 ግራም ነው።

ሌላው መንገድ ከራሱ ከሠንጠረዡ የሚገኝ ምስክር ነው። አብዛኛው የውሃ ውጤት ላይ ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅሙ በማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ይሰፍራል። የሟሙት ጠጣሮች መጠን በሚሊ ግራም በሊትር ሲገለጽ፣ ለተለመደ የተፈጥሮ ውሃ የዚህን ቁጥር ከ0.55 እስከ 0.7 እጅ ያህል ይሆናል። መሣሪያው 1,010 ካነበበ የምንጠብቀው ከ555 እስከ 707 ያለውን ነው፤ 648 በመካከሉ ይገባል፣ 0.648 ግን የትም አይገባም። ይህ ምስክር ጥሩ የሚሆነው ከሚዛንም ከሳህንም ያልመጣ ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ እሱም ያው በሽታ ሊይዘው ይችላል፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ቁጥሩ ሲያድግ በራሳቸው ከማይክሮ ወደ ሚሊ ስለሚሻገሩ፣ ስክሪኑ ላይ 1.01 ሊነበብ ይችላል። መዝጋቢው ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ፊደል ሳያይ 1.01 ብሎ በማይክሮው ዓምድ ከጻፈው፣ 0.648 እና 1.01 ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚስማሙ ይመስላሉ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ለሟሙ ጠጣሮች ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ቁጥሩ በስሕተት በሺህ ቢያድግ ጣሪያውን ጥሶ ሁሉንም ያስደነግጣል፣ ወዲያውም ይታረማል። በስሕተት በሺህ ሲያንስ ግን ከጣሪያው በታች ስለሚያርፍ ማንም አይጠይቅም። በእርግጥ 1,400 የሆነ ውሃ 1.4 ተብሎ ሲጻፍ «ደረጃውን ያሟላል» የሚል ቃል ከጎኑ ይሰፍራል፣ ሰዎችም ይጠጡታል። ስለዚህ ከጣሪያው በታች የሆነ ቁጥር ሁሉ የደኅና ቁጥር ተብሎ ሳይፈተሽ መታለፍ የለበትም፤ በጣም ያነሰውን ቁጥር ከበዛው እኩል መጠርጠር ያስፈልጋል።

ይህ ፍተሻ የማይደርስበት ምንድን ነው?

የመለኪያ ቅየራን መፈተሽ የሚይዘው ትልልቁን፣ የሺህ እጥፉን ጥፋት ነው። ሳህኑ ሳይቀዘቅዝ ተመዝኖ ወይም ከዴሲኬተር ወጥቶ እርጥበት ስቦ ከሆነ፣ ወይም ውሃው በሲሊንደር ሲለካ ዓይን ከመስመሩ በላይ ሆኖ ከነበረ፣ ውጤቱ በጥቂት በመቶ ይዛባል፤ ቅየራው ግን እንከን የለሽ ሆኖ ይታያል። ያን የሚያሳየው ድጋሚ ልኬቱ ነው። ደግሞም ሚዛኑ የሚያነበው እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሠራ የመጨረሻው የሚታመን አሐዝ የአንድ ሚሊ ግራም በሊትር ቤት ነው። ኤክሴል 648.0000 ቢልም፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ሁሉ የኮምፒውተሩ እንጂ የሚዛኑ አይደለም፤ ሠንጠረዡ ላይ 648 ተብሎ መጻፉ ትክክል ነው።

ስሕተቱ ከተገኘ ምን ይደረጋል?

በመዝገቡ ላይ የተሳሳተው ቁጥር አይፋቅም፣ በነጭ ቀለምም አይሸፈንም። አንድ ሰረዝ ተደርጎበት ከነስሕተቱ እንዲነበብ ይተዋል፤ ከጎኑ ትክክለኛው ቁጥር፣ የተቀየረበት ምክንያት በአጭሩ፣ ቀንና ፊርማ ይጻፋል። ውጤቱ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ከነበረ፣ «የታረመ» የሚል ምልክት ያለበትና የቀድሞውን ቁጥርና ቀን የሚጠቅስ አዲስ ወረቀት የመጀመሪያው ለደረሰው ሰው ሁሉ ይላካል። ከዚያ በኋላ ያው የኤክሴል ፋይል ከመቼ ጀምሮ እንደተሠራበት ይጣራና፣ በእሱ የወጡት ውጤቶች በሙሉ ከሚዛን ንባባቸው ተነሥተው እንደገና ይሰላሉ፤ 50 ሚሊ ሊትር የተወሰደባቸው ቀኖች ቅድሚያ ያገኛሉ፣ ምክንያቱም በእነዚያ ላይ ሁለቱም ጥፋቶች አሉ።